የቱቦላሬ ቁራጭ መዝገብ፦ ብረቱ አለ፣ ፕሮግራሙ ግን "የለም" ይላል

ሳምንት 1

ወንድሜ ገላን ላይ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለው። በር፣ መስኮት፣ የግቢ በር ይሠራል። ቱቦላሬ የሚገዛው በሙሉ ነው፣ አንዱ 6 ሜትር። ከተቆረጠ በኋላ የሚተርፈው ቁራጭ ግድግዳ ተደግፎ ይከማቻል፣ ከዚያ ይረሳል። 1 ሜትር ከ20 ሲፈለግ ማንም ክምሩን አይበረብርም፤ አዲስ ብረት ይወርድና ይቆረጣል። ይሄን ነገር ማስቆም እፈልጋለሁ። የሚያስፈልገው ፕሮግራም ቀላል ነው፦ ከመቁረጥ በፊት "ይሄን የሚያህል ቁራጭ አለን ወይ? የት ነው?" ብሎ የሚመልስ።

ያለኝ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ባትሪው ሞቷል፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቆረጣ ወዲያው ወደ ሲኤስቪ ፋይል እንዲጻፍ አደረግሁ፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ ከዚያው ፋይል ያነባል። (ይሄ ነገር በኋላ ይመጣል፣ ያዙት።)

የጻፍኩት በፓይተን ነው። ሐሳቤ አንድ ዲክሽነሪ ነበር፦ ቁልፉ ቁራጩ፣ ዋጋው የተቀመጠበት ቦታ። መጀመሪያ ቁልፉን ሊስት አደረግሁት፦ ዓይነት፣ ውፍረት፣ ርዝመት። ፓይተን `TypeError: unhashable type: 'list'` ብሎ እምቢ አለ። ሊስት ስለሚለወጥ ቁልፍ መሆን አይችልም ማለቱ ነው። እኔ ግን እንደ ማስጠንቀቂያ አላነበብኩትም፣ እንደ እንቅፋት ነው ያየሁት። ክላስ ልሥራ ብዬ አለፍኩት።

ሳምንት 2

ክላሱን በዳታክላስ ሠራሁ። ዳታክላስም ያው ነው፣ በራሱ ቁልፍ መሆን አይፈቅድም፤ ያንኑ ኤረር ሰጠኝ። ስፈልግ `unsafe_hash=True` የሚል አማራጭ አገኘሁ። ስሙ ራሱ "አደገኛ" ይላል። እሱን ጻፍኩ፣ ኤረሩ ጠፋ፣ ሥራው ቀጠለ።

```python
from dataclasses import dataclass

@dataclass(unsafe_hash=True)
class Piece:
    profile: str
    thick: float
    length: float

shelf = {}
p = Piece("40x60", 1.5, 3.5)
shelf[p] = "B2"
```

ሞከርኩት። ቁራጭ አስገባሁ፣ ፈለግሁ፣ አገኘ። ለብቻው ደግሞ ቆረጣውን ሞከርኩ፤ ርዝመቱ በትክክል ቀነሰ። ሁለቱን አከታትዬ፣ ማለትም ቆርጬ ከዚያ መፈለግ፣ አልሞከርኩም። ዓርብ ዕለት ወርክሾፑ ላይ አስጀመርነው። ክምሩን ለመለካት ግማሽ ቀን ፈጀብን፣ 64 ቁራጭ መዘገብን።

ሳምንት 3

ማክሰኞ። ጋሼ፣ የወርክሾፑ አንጋፋ በያጅ፣ ጠዋት ከ3 ሜትር ተኩሉ 40 በ60 ላይ 1 ሜትር ቆረጡ። መዝገቡ ላይ ቀነስን። ከሰዓት ለአንድ የግቢ በር እግር 2 ሜትር ከ50 ተፈለገ። ረዳቱ ፕሮግራሙን ጠየቀ፣ "የለም" አለው። አዲስ 6 ሜትር ቆረጠ። ጋሼ ሲመለሱ ያን አዩና ጠሩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ብረት ምንድን ነው ታዲያ? ጠዋት እኔ ራሴ ያቆምኩት ነው።"

ብረቱ B2 ላይ ቆሟል። ለካሁት፣ 2 ሜትር ከ50 ነው። "ያሉትን ሁሉ አሳይ" የሚለውን ስጫን ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ 40x60፣ 1.5፣ 2.5፣ B2 ይላል። በዚያው ልክ ስፈልገው የለም ይላል። ከዝርዝሩ ላጥፋው ብል ደግሞ `KeyError`።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ረዳቱ ሲጽፍ ክፍተት ጨምሮ እንደሆነ ነው። አልነበረም። ቀጥሎ ፋይሉን ከፈትኩ፤ ፋይሉ ትክክል ነው። እዚያው እያለን መብራት ጠፋ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ፣ ላፕቶፑን አስነሳሁ፣ ያንኑ ቁራጭ ፈለግሁ። አገኘው! ምንም ሳልነካ።

ረቡዕ ደግሞ ተመሳሳይ። ጠዋት ይሠራል፣ ቆረጣ ሲጀመር ይበላሻል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይስተካከላል። ረዳቱ መላ ዘይዶ ነበር፤ "የለም" ሲለው ዘግቶ ይከፍተዋል። ለጊዜው በዚሁ ቀጠልን፣ ይሄ ግን ትልቅ ስህተት ነበር። ለምን እንደሆነ ከታች አለ።

ሳምንት 4

ቅዳሜና እሑድን ለዚህ ሰጠሁት። ከፕሮግራሙ ሁሉንም አራግፌ ጥቂት መስመር ብቻ አስቀረሁ። ከላይ ባለው ኮድ ላይ ይሄን ጨመርኩ፦

```python
p.length -= 1.0
print(p in shelf)        # False
print(p in list(shelf))  # True
```

ሁለቱ መልሶች ሲለያዩ ነው ነገሩ የገባኝ። የታችኛው መስመር ቁልፎቹን አንድ በአንድ ያያል፣ ስለዚህ ያገኛል። የላይኛው አንድ በአንድ አያይም። ዲክሽነሪ ፈጣን የሆነው ለዚህ ነው፤ ከቁልፉ ሃሽ የሚባል ቁጥር ያሰላል፣ ያ ቁጥር የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚሄድ ይነግረዋል፣ ቀጥታ እዚያ ይሄዳል።

እኔ ቁራጩን ሳስገባ ርዝመቱ 3.5 ነበር። ሃሹ በ3.5 ተሰላ፣ ቁራጩ በዚያ ሃሽ ቦታ ተቀመጠ፣ ሃሹም አብሮ ተመዘገበ። ከዚያ ርዝመቱን 2.5 አደረግሁት። ዲክሽነሪው ይሄን አያውቅም፤ ማንም አልነገረውም። አሁን በ2.5 ስፈልግ ሃሹ ሌላ ነው፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ያያል፣ ባዶ ነው። በድሮው 3.5 ብፈልግስ? ትክክለኛው ቦታ ይሄዳል፣ ሃሹም ይገጥማል፣ ግን እኩል ናቸው ወይ ብሎ ሲያወዳድር 3.5 እና 2.5 እኩል አይደሉም። ስለዚህ በአዲሱም በድሮውም ልክ አይገኝም። ቁራጩ ዲክሽነሪው ውስጥ አለ፣ መግቢያ በሩ ግን ጠፍቷል። አይገኝም፣ አይሰረዝም።

ዘግቶ መክፈት ለምን ይጠግነዋል? ሲነሳ ሁሉንም ከፋይሉ አንብቦ እንደ አዲስ ስለሚያስገባ። ሃሹ አሁን ባለው ርዝመት ይሰላል። በነገራችን ላይ `shelf.copy()` አይጠግነውም፣ ሞክሬያለሁ። የተመዘገበውን አሮጌ ሃሽ እንዳለ ይዞ ነው የሚገለብጠው።

አንድ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ አስቸገረኝ። ይሄን ጥቂት መስመር ርዝመቱንና ቆረጣውን እየቀያየርኩ ደጋግሜ ሳስነሳ አንዳንዴ የላይኛውም `True` ይላል! 20 ጊዜ አስነሳሁት፣ 3ቱ ላይ አገኘው። ከቁጥሮቹ በቀር ኮዱ ያው ነው። ምክንያቱ ሁለት ነገር መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

አንደኛው፣ ፓይተን የጽሑፍን ሃሽ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር በተለየ መነሻ ያሰላል። የእኔ ቁልፍ ውስጥ "40x60" የሚል ጽሑፍ አለ፣ ስለዚህ የቁራጩ ሃሽ በየጊዜው ይለያያል። ሁለተኛው፣ ትንሽ ዲክሽነሪ 8 ቦታ ብቻ ነው ያለው። አዲሱ ሃሽ በአጋጣሚ ያንኑ ቦታ ከጠቆመ፣ ፓይተን ሃሹን ከማወዳደሩ በፊት "ይሄ ራሱ ያው ኦብጀክት ነው ወይ?" ብሎ ያያል። ያው ከሆነ አለ ይላል። ስለዚህ ርዝመቱ ሲቀያየር በአማካይ ከ8 አንድ ያህል ጊዜ በዕድል ይገኛል። ረዳቱ እንደሚያደርገው በአዲስ የተሠራ ኦብጀክት ስንፈልግ ግን ይሄ ዕድል የለም።

ይሄን የምጽፈው በሙከራ ለሚተማመን ሰው ነው። "እኔ ጋ ይሠራል" የሚለው መልስ እዚህ ዋጋ የለውም። ስህተቱን አስሮ ለመያዝ ሊኑክስ ወይም ማክ ላይ እንዲህ ብላችሁ አስነሱት፦

```
PYTHONHASHSEED=0 python test.py
```

መነሻው ስለሚቆለፍ በተነሳ ቁጥር ያው ውጤት ይመጣል። ያኔ 0ን ወደ 1፣ 2 እየቀየራችሁ የሚወድቅበትን ማግኘት ትችላላችሁ።

ሳምንት 4፣ ሰኞ

አሁን ደግሞ የከፋው። ዘግቶ መክፈቱ ብረት ሲያጠፋ ነበር።

መዝገቡን ከክምሩ ጋር ሳመሳክር 3 ቁራጭ ጎደለ፤ ክምሩ ውስጥ አሉ፣ መዝገቡ ላይ የሉም። አንደኛውን ተከታተልኩት። 40 በ60፣ 2 ሜትር የሆነ ቁራጭ A1 ላይ ነበር። ሌላ 3 ሜትር ደግሞ C3 ላይ። ከ3 ሜትሩ 1 ሜትር ተቆረጠ፣ እሱም 2 ሜትር ሆነ። ላፕቶፑ እስካልጠፋ ድረስ ሁለቱም ዲክሽነሪው ውስጥ አሉ፣ ምክንያቱም የተቀመጡት በተለያየ ሃሽ ነው። ሲጠፋና እንደገና ሲያነብ ግን ሁለቱ ቁልፎች አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለተኛው የአንደኛውን ቦታ ተካ። C3 ቀረ፣ A1 ጠፋ። በሚቀጥለው ቆረጣ ፋይሉ ሲጻፍ ደግሞ ከፋይሉም ጠፋ። ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ።

ይሄን ሳይ ስህተቱ ሃሽ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። እኔ ቁራጩን የለየሁት በልኩ ነው። ሁለት እኩል ብረቶች ግን ሁለት ብረቶች ናቸው። ልክ የቁራጩ ጠባይ ነው፣ ስሙ አይደለም።

ሳምንት 5

ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ሰጠን። የቀለም ማርከር በ150 ብር ገዛሁ፣ ጫፉ ላይ ቁጥሩን እንጽፋለን። ኖራ ሞክረን ነበር፣ በሁለት ቀን ይጠፋል። ጋሼ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ቁጥሩ ከማይቆረጠው ጫፍ ላይ ይሁን አሉ። ሲቆረጥም ሁልጊዜ ከሌላኛው ጫፍ። አሁን ደንባችን ይሄ ነው።

ኮዱ ላይ `unsafe_hash` አወጣሁ። ዲክሽነሪው `pieces[17]` ዓይነት ሆነ፤ ቁልፉ ቁጥር፣ ዋጋው ቁራጩ። ርዝመቱ የፈለገውን ያህል ይለወጥ፣ ዋጋ እንጂ ቁልፍ ስላልሆነ ምንም አይረበሽም። 17 ቁጥር ሁልጊዜ 17 ነው።

ክምሩን እንደገና ለካን። ሌላ ግማሽ ቀን። ወንድሜ ትንሽ አጉረመረመ፣ እውነት አለው።

በልክ ለመፈለግ ደግሞ ሁለተኛ ዲክሽነሪ አስቀመጥኩ። ቁልፉ ተፕል ነው፦ ዓይነት፣ ውፍረት፣ ርዝመት። ዋጋው የቁራጭ ቁጥሮች። ተፕል አይለወጥም። ቆረጣ ሲኖር ቁጥሩን ከድሮው ቁልፍ አውጥቼ ወደ አዲሱ አስገባለሁ። በ2.5 ሞከርኩ፣ በ1.5 ሞከርኩ፣ በዚህ ጊዜ ቆርጬም ፈለግሁ። ሁሉም ይሠራል።

ሳምንት 6

ሐሙስ ስልክ ተደወለ። ወንድሜ ነው። "ያ ነገር ተመልሷል፤ 1 ሜትር ከ20 የለም ይላል፣ አሁን ነው የቆረጥነው።"

ከ6 ሜትር ላይ 4 ሜትር ከ80 ተቆርጧል። ቀሪው 1.2 ነው። ዝርዝሩን አሳትሜ ሳይ ነገሩ ፊት ለፊት ተጽፏል፦

```
>>> 6 - 4.8
1.2000000000000002
>>> 6 - 4.5
1.5
>>> 6 - 3.6
2.4
```

ኮምፒውተር እነዚህን ቁጥሮች በሁለት ቤት ነው የሚይዛቸው። ግማሽና ሩብ በትክክል ይጻፋሉ፣ ስለዚህ 1.5 እና 2.5 ምንም ጊዜ አያስቸግሩም። እኔ ደግሞ ሳላስበው የሞከርኩት በእነሱ ብቻ ነው። 1.2 እና 4.8 ግን በሁለት ቤት አያልቁም፤ አንድ ሦስተኛ በአሥር ቤት 0.333 እያለ እንደማያልቀው ማለት ነው። ስለዚህ አቅራቢያው ያለው ቁጥር ይያዛል። ቁጥሩ ሲተልቅ በጎረቤት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። 4.8 አጠገብ ያለው ርቀት 1.2 አጠገብ ካለው 4 እጥፍ ነው። ስለዚህ ከ4.8 ጋር የመጣው ትንሽ ስህተት፣ ከ6 ሲቀነስ እንዳለ ወደ 1.2 ሰፈር ይወርዳል፣ እዚያ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ቁጥር ይሆናል።

ልዩነቱ ከአቧራ ቅንጣት ያነሰ ነው። ለመጋዝ ምንም አይደለም። ለዲክሽነሪ ግን "ቀረብ ያለ" የሚባል ነገር የለም። ሃሹ ሌላ ነው፣ እኩልም አይደሉም፣ አለቀ። 3.6 ላይ ደግሞ በአጋጣሚ ይገጥማል። ይሄ ነው አስቸጋሪው፤ የትኛው እንደሚወድቅ በዓይን አታውቁም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ፍሎት፣ ማለትም ነጥብ ያለው ቁጥር፣ ቁልፍ ሲሆን ሁሌም ይበላሻል ማለቴ አይደለም። የቱቦላሬው ውፍረት 1.2 ወይም 1.5 ተብሎ ይጻፋል፣ ማንም አይደምረው አይቀንሰው። 1.2 ብሎ የተጻፈ ሁልጊዜ ያው 1.2 ነው። በዚህ በኩል አንድም ቀን አልወደቀም። የሚወድቀው ቁልፉ ከሒሳብ ሲወጣ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት መጠገኛ `round(x, 2)` ነው። ሲገባም ሲፈለግም ካጠጋጉት 1.2 ይገጥማል። አንድ ቦታ ላይ ከረሱት ግን ያው ነው። በዚያ ላይ ሚሊ ሲመጣ ይሸራርፋል፦ `round(2.675, 2)` የሚሰጠው 2.67 ነው፣ 2.68 አይደለም፤ 2.675 ራሱ ሲያዝ ከእውነተኛው ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለሚያዝ። አንድ ቀን ተኩል ተጠቀምኩበት፣ ተውኩት።

ሳምንት 7

ሁሉንም ወደ ሚሊሜትር ቀየርኩ፣ በሙሉ ቁጥር። 6000 ሲቀነስ 4800፣ 1200 ነው። ሌላ መልስ የለውም። ውፍረቱንም አንድ ዓይነት ይሁን ብዬ በአሥር አባዛሁት፣ 1.5 ወደ 15። ሲገባ ሰው እንደለመደው 1.2 ብሎ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ `round(float(s) * 1000)` ብሎ ወዲያው በር ላይ ይቀይረዋል። `int` ብቻ ብትጠቀሙ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ይቆርጠዋል፤ ብዜቱ ከ1200 በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ከወጣ 1199 ይሆንባችኋል። ስለዚህ `round`።

ይሄን ለጋሼ ሳሳያቸው ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ። "ድንጋዩ የሚበላውስ?"

የመቁረጫ ድንጋያችን ወደ 3 ሚሊ ይበላል። ከ6000 ላይ 4800 ሲቆረጥ የሚቀረው 1197 እንጂ 1200 አይደለም። ይሄን ወደ ሒሳቡ ሳስገባ ቀሪዎቹ ሁሉ 1197፣ 2444፣ 3091 እያሉ መጡ። 1200 ብሎ የሚፈልግ ሰው ልክ 1200 የሆነ ቁራጭ መቼም አያገኝም። ጋሼ ቀጠሉ፦ "እኔ 1 ሜትር ከ20 ስል እኮ ከ1 ሜትር ከ20 የማያንስ ማለቴ ነው።"

እዚህ ላይ ቆሜ አሰብኩ። ዲክሽነሪ የሚመልሰው "ልክ ይሄ አለ ወይ?" የሚለውን ነው። ወርክሾፑ የሚጠይቀው "የሚበቃኝ ትንሹ ቁራጭ የቱ ነው?" ብሎ ነው። ቁልፉን ባስተካክለውም ጥያቄው የዲክሽነሪ ጥያቄ አልነበረም። የልኩን ዲክሽነሪ አጠፋሁት። ቦታውን የተካው ይሄ ነው፦

```python
from bisect import bisect_left

rows = sorted((p.mm, no) for no, p in pieces.items()
              if p.profile == "40x60" and p.thick == 15)
i = bisect_left(rows, (need, 0))
best = rows[i] if i < len(rows) else None
```

ተደርድረው ከተቀመጡት ውስጥ `need` የሚያህለውን ወይም ከሱ በላይ ያለውን የመጀመሪያውን ያነሳል። በፈለግን ቁጥር እንደ አዲስ ነው የሚደረድረው። መቶ ቁራጭ መደርደር ለዚህ አሮጌ ላፕቶፕ እንኳ ምንም አይደለም፤ እና ቆረጣ በመጣ ቁጥር ማደስ ያለብኝ ሁለተኛ መዝገብ የለም። `best` ባዶ ከሆነ ያኔ ብቻ አዲስ ብረት ይወርዳል።

ሳምንት 9

ሁለት ሳምንት ሞላው። ቅዳሜ መዝገቡንና ክምሩን አመሳከርን፦ 71 በመዝገብ፣ 71 በክምር። ሁለት ቁጥሮች በዝገት ደብዝዘው ነበር፣ በድጋሚ ጻፍናቸው። መብራት በዚህ ሳምንት ብቻ አራት ጊዜ ጠፍቷል፣ መዝገቡ ላይ ያመጣው ለውጥ የለም።

የቀረኝ አንድ ነገር አለ። ላሜራ በዚህ መንገድ አይሄድም፣ ቁራጩ ርዝመትም ወርድም ስላለው በአንድ ቁጥር መደርደር አይቻልም። ላሜራውን ለጊዜው በቁጥር ብቻ መዝግበነዋል፣ ፍለጋው በዓይን ነው።